«አድቫይስ»፣ «ኢንፎርሜሽን»ና «ፈርኒቸር» ለምን ብዙ ቁጥር አይቀበሉም?

ገንዘብ ይቆጠራል። ባንክ ቤት ቆሞ የቆጣሪ ማሽኑን ድምፅ የሰማ ሰው ይህን አይጠራጠርም። በእንግሊዝኛ ግን ገንዘብን የሚጠራው «መኒ» የተባለው ስም ከማይቆጠሩት ወገን ነው። ወንበርና ጠረጴዛም ይቆጠራሉ። ሳሎን ውስጥ ስንት እንዳሉ ትንሽ ልጅም ቆጥሮ ይነግረናል። ሁሉንም በአንድ ላይ የሚጠራው «ፈርኒቸር» ግን አይቆጠርም ይባላል።

ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት የያዝነው ሕግ «የሚቆጠር ነገር ካውንተብል ነው፤ የማይቆጠር ነገር አንካውንተብል ነው» የሚል ነው። ለውሃ፣ ለአሸዋና ለዱቄት ሕጉ ይሠራል። አሸዋን ማን ቁጭ ብሎ ይቆጥራል? ችግሩ የሚመጣው ምክር፣ መረጃና የቤት ዕቃ ላይ ስንደርስ ነው። ተማሪው «ሦስት ምክር ሰጠኝ እኮ! ቆጠርኳቸው!» ብሎ ይከራከራል። ልክም ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ስለ ነገሩ ነው፤ እንግሊዝኛ ግን የሚመድበው ቃሉን ነው። ይህ ልዩነት ካልገባን የቀረው ሁሉ ሽምደዳ ይሆንብናል።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፈረንሳይኛን እንይ። ምክር፣ መረጃና የቤት ዕቃ ለፈረንሳዮችም ያው ናቸው፤ ወንበራቸውም አራት እግር አለው። ግን ሦስቱንም በነጠላም በብዙም ይጠሯቸዋል። «ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ቃል ራሱን፣ ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ዓይነት ፊደል ያለውን፣ ጫፉ ላይ «ኤስ» ጨምረው ይጽፉታል። ማንም አያርማቸውም። ነገሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቋንቋው ነው።

አማርኛም ከእንግሊዝኛ ይልቅ በዚህ በኩል ለፈረንሳይኛ ይቀርባል። «መረጃዎች» እንላለን፤ «ምክሮች» እንላለን፤ «የቤት ዕቃዎች» እንላለን። ግን በአማርኛና በእንግሊዝኛ መካከል ከዚህ የጠለቀ ልዩነት አለ። የአበሻ እንግሊዝኛ ላይ የሚታየው ስሕተትም ከዚያ ስለሚመጣ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ እወዳለሁ።

«ትናንት መጽሐፍ ገዛሁ» ብል አንድ ይሁን አራት አልተናገርኩም። አማርኛው አላስገደደኝም። «ሦስት ልጅ አለኝ» ብል ትክክል ነው፤ «ሦስት ልጆች አሉኝ» ብልም ትክክል ነው። «አምስት ሰው መጣ» ማለት የዕለት ተዕለት ንግግር ነው። ቁጥሩ ከፊት ከተነገረ «ኦች» ቢቀርም ማንም ቅር አይለውም። ማለትም በአማርኛ ብዙ ቁጥርን የምናመጣው ስንፈልግ ነው፤ ስምን ባዶውን ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ይቻላል።

እንግሊዝኛ ይህን ነፃነት አይሰጥም። አንድ ስም ከአፍ በወጣ ቁጥር ተናጋሪው ይወስናል። ይህ ስም አሃድ አለው ወይስ የለውም? አለው ካለ፣ አንድ ነው ወይስ ከአንድ በላይ? አንድ ከሆነ ከፊቱ «ኧ» ወይም «ዘ» ወይም ሌላ መሪ ቃል ይገባል። ከአንድ በላይ ከሆነ ከኋላው «ኤስ» ይገባል። አሃድ የለውም ካለ ደግሞ ባዶውን ይቆማል። በዚህም ምክንያት ባዶነት ራሱ ትርጉም ይሰጣል።

ዶሮ ላይ እንየው። «አይ ኤት ቺክን» ካልኩ የዶሮ ሥጋ በላሁ ማለቴ ነው፤ ምን ያህል እንደሆነ አልታወቀም። «አይ ኤት ኧ ቺክን» ካልኩ ግን አንድ ሙሉ ዶሮ ብቻዬን ጨረስኩ ማለት ነው። ሰሚው ግር ይለዋል። «አይ ኤት ቺክንስ» ካልኩ ደግሞ ሙሉ ሙሉ ዶሮዎችን ነው የበላሁት። ቃሉ አንድ ነው፤ ከፊቱና ከኋላው የተጨመረው ነገር ግን ሥጋውን ወይም ወፏን ይመርጣል። «ኧ» እና «ኤስ» ለጌጥ የገቡ አይደሉም። ሁለቱም «ይህ ነገር ድንበር አለው፤ አንዱ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ይታወቃል» ብለው ያውጃሉ።

አማርኛ ተናጋሪ ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ስሕተቶችን የሚሠራውም ለዚህ ነው። «ፋይቭ ቡክ» ሲል የሚያስፈልገውን «ኤስ» ይጥላል። «ኢንፎርሜሽንስ» ሲል ደግሞ የማያስፈልገውን ያመጣል። ከላይ ሲታይ አንዱ መርሳት፣ ሌላው ማብዛት ይመስላል። ሥሩ ግን አንድ ነው። እንግሊዝኛ ያንን ስም ለየትኛው ወገን እንደመደበው አልያዘውም፤ የገዛ ቋንቋውም ይህን እንዲይዝ አስተምሮት አያውቅም።

እንግዲህ ሦስቱን ቃላት እንመርምራቸው። አንድ ላይ ስለሚጠሩ አንድ ምክንያት ያላቸው ይመስላል። የላቸውም። «አድቫይስ» እና «ኢንፎርሜሽን» በአንድ በኩል፣ «ፈርኒቸር» በሌላ በኩል ናቸው።

መጀመሪያ ምክር። አንድ ሰው ቤት ሊገዛ አስቦ የሚያውቀውን ዘመዱን ያማክራል እንበል። ዘመዱ አንድ ሰዓት ያወራዋል። ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ባንክ ብድሩ፣ ስለ ካርታው፣ ስለ ውሃና መብራቱ። ስንት ምክር ተሰጠ? አንድ ሊባል ይችላል፤ ርዕሱ አንድ ነውና። አራትም ሊባል ይችላል። ዐረፍተ ነገሮቹን ከቆጠርን ደግሞ ሁለት መቶ ሊሆን ይችላል። ቃሉ አንዱ ምክር የት እንደሚያልቅ አይነግረንም። ውሃ ከየትም ቢቀዳ ውሃ እንደሆነ ሁሉ ምክርም ከመካከሉ ቢቆረጥ ግማሹ ያው ምክር ነው። ቢጨመርበትም ምክር ነው። መረጃም እንደዚሁ። ግማሽ ገጽ መረጃ መረጃ ነው፤ አንድ መጋዘን ሙሉም መረጃ ነው። ግማሽ ወንበር ግን ወንበር አይደለም።

የእንግሊዝኛው «ኤስ» የሚሰካው አሃዱ ቃሉ ውስጥ ሲኖር ነው። «ቼር» ሲባል አንዱ ወንበር ምን እንደሆነ ቃሉ ራሱ ይዞታል፤ ስለዚህ ማብዛት ይቻላል። «አድቫይስ» ውስጥ ግን የሚበዛ አንድ የለም። ከምንም ላይ ይበዛል?

ይህን የሚያጠናክረው ደግሞ እንግሊዝኛ ድንበር ያለውን ምክር ለመጥራት ሌሎች ቃላት ማስቀመጡ ነው። «ሰጀስቸን» እና «ቲፕ» ይቆጠራሉ። ሦስት «ሰጀስቸንስ» ቢሰጡኝ ሦስቱም ለየብቻ የተቀረጹ፣ አንድ በአንድ ልቀበላቸው ወይም ልጥላቸው የምችል ሐሳቦች ናቸው። ለመረጃም «ፋክት» የሚል ተቆጣሪ ቃል አለ። ለሥራ «ወርክ» ጅምላው ሲሆን «ጆብ» ነጠላው ነው። «ሆምወርክ» አይቆጠርም፤ «አሳይንመንት» ይቆጠራል። «ትራቭል» አይቆጠርም፤ «ትሪፕ» ይቆጠራል። ቋንቋው ሥራውን ለሁለት ቃላት አካፍሎታል ማለት ነው። እኔ ለተማሪ አንድ ነገር ብቻ አስተምር ብባል ይህን ጥንድ ጥንዱን አስተምር ነበር። የተከለከለውን ከመንገር የሚተካውን መስጠት ይሻላል።

አሁን ወደ «ፈርኒቸር» እንምጣ። እዚህ ላይ የድንበር ማብራሪያው አይሠራም። ወንበሩ ድንበር አለው፤ አልጋውም፣ ቁም ሳጥኑም አለው። ታዲያ እንግሊዞች የቤት ዕቃን እንደ ሊጥ ያዩታል ማለት ነው? አያዩትም። ይህ በሙከራ ታይቷል። በ2005 ዴቪድ ባርነርና ጄሲ ስኔደከር የተባሉ ተመራማሪዎች ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሁለት ወገን ያለው ማነጻጸሪያ አቀረቡ። በአንድ በኩል ጥቂት ግን ትልልቅ፣ በሌላ በኩል ብዙ ግን ትንንሽ ነገሮች አሉ። ጥያቄው «ማን የበለጠ አለው?» የሚል ነው። ስለ ጥርስ ሳሙና ሲጠየቁ ሰዎቹ በመጠን ፈረዱ፤ ትልቁ ክምር ያለው ይበልጣል አሉ። ስለ ጫማ ሲጠየቁ በቁጥር ፈረዱ። ስለ «ፈርኒቸር» ሲጠየቁስ? ቃሉ ሰዋስው ላይ የጥርስ ሳሙና ወገን ሆኖ ሳለ በቁጥር ፈረዱ፤ ልክ እንደ ጫማው። ማለትም ጭንቅላታቸው ዕቃዎቹን አንድ ሁለት ብሎ ይቆጥራል፤ ሰዋስዋቸው ግን «ኤስ» አይፈቅድም። ይህን ውጤት በጣም ነው የምወደው፤ ቃሉና ነገሩ የተለያዩ መሆናቸውን በአንድ ጥያቄ ያሳያልና።

ለምን አይፈቅድም ታዲያ? አንዱ መልስ የቃሉን ሥራ ይመለከታል። «ፈርኒቸር» ቅርጻቸውም ጥቅማቸውም የማይገናኝ ዕቃዎችን፣ አንድ ቤት ውስጥ አብረው ስለሚውሉ ብቻ በአንድ ስም ይጠቀልላል። «ሹ» ሲባል ዓይናችን ፊት የሚመጣ ቅርጽ አለ። «አንድ ፈርኒቸር» ቢባል ግን ምን ይመጣል? አልጋ? መደርደሪያ? ቃሉ የጥቅሉ ስም እንጂ የአባላቱ አይደለም። «ለጌጅ» የጓዝ ጥቅል ነው፤ ሻንጣውም፣ ካርቶኑም፣ ቦርሳውም እዚያ ውስጥ አለ። «ኢኩዊፕመንት» የመሣሪያ ጥቅል ነው። «ጁወልሪ» የጌጣጌጥ፣ «ክሎዚንግ» የልብስ ጥቅል ናቸው። «መኒ»ም እዚህ ይገባል፤ የወረቀቱንም የሳንቲሙንም፣ የመቶውንም የአምስቱንም ጥቅል ነው የሚጠራው። በአማርኛም ገንዘብ እንቆጥራለን እንጂ «ሁለት ገንዘብ» አንልም፤ «ሁለት ብር» ነው የምንለው።

ሌላው መልስ ታሪክ ነው። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን መጀመሪያ ትርጉሙ ማቅረብ፣ ማሟላት፣ ማደራጀት ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ የፈረስ ዕቃና የጦር ትጥቅ ሳይቀር በዚህ ቃል ይጠሩ ነበር። ማለትም የድርጊት ስም ነበር፤ ቀስ በቀስ በድርጊቱ የቀረበው ዕቃ ስም ሆነ። «ኢንፎርሜሽን»ም ከማሳወቅ የተነሣ የድርጊት ስም ነው። የድርጊት ስሞች ብዙ ቁጥር ላይ ሲያመነቱ የተለመደ ነው። ደግሞም ክልከላው ከጥንት የነበረ አይደለም። ሁለቱም ቃላት ድሮ «ኤስ» ይዘው ተጽፈዋል። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ የእንግሊዝ ጋዜጦች ከሩቅ አገር የመጣ ወሬን «አድቫይስስ» ብለው በብዙ ቁጥር ያትሙ ነበር። በሩን ዘመን ነው የዘጋው።

እነዚህ ምክንያቶች ዝንባሌውን ያስረዳሉ እንጂ እያንዳንዱን ቃል አስቀድመን እንድንገምት አያደርጉንም። አትክልትም እኮ ጥቅል ነው፤ ካሮቱም፣ ጎመኑም፣ ቀይ ሥሩም አለበት። ግን «ቬጅተብልስ» ይባላል፤ ትክክል ነው። ጎኑ ያለው «ፍሩት» ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባዶውን ይሄዳል። ሩዝ አይቆጠርም፤ ከሩዝ ብዙም የማትተልቀው ምስር ግን በእንግሊዝኛ ትቆጠራለች። ለዚህ «ለምን?» ብሎ መጨነቅ ትርፍ የለውም። የቋንቋው ልማድ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለ እነዚህ ስሞች በስፋት የጻፈው የዴንማርኩ ሊቅ ኦቶ የስፐርሰንም ክፍፍሉ ከቋንቋ ቋንቋ እንደሚለያይ አስተውሎ ነበር።

ልማድ ከሆነ መታየት ያለበት መዝገበ ቃላት ነው። ለተማሪ የተዘጋጁት የኦክስፎርድ፣ የካምብሪጅና የሎንግማን መዝገበ ቃላት፣ በስልክ የሚከፈቱትም ጭምር፣ ከስሙ አጠገብ [C] ወይም [U] ብለው፣ አንዳንዶቹም ቃሉን ሙሉውን «ካውንተብል» ወይም «አንካውንተብል» ብለው ምልክት ያደርጋሉ። የመጀመሪያው የሚቆጠር፣ ሁለተኛው የማይቆጠር ማለት ነው። ብዙ ሰው ትርጉሙን አይቶ ይዘጋዋል፤ ያቺን ምልክት ያልፋታል። አዲስ ስም ስናጠና ከትርጉሙ ጋር እሷንም ብንይዝ ግማሹ ችግር ይቃለላል።

ቀሪው ግማሽ ግን አለ። ብዙ ሰው «ኢንፎርሜሽን ኤስ አይወስድም» የሚለውን ያውቃል፤ እንዲያም ሆኖ ይሳሳታል። ምክንያቱም የቃሉ ወገን የሚታየው ጫፉ ላይ ብቻ አይደለም። ከፊቱ ባለው የመጠን ቃል፣ በግሱ፣ ኋላም በሚተካው ተውላጠ ስም ላይ ይታያል። «ኤስ»ን ማጥፋት የመጀመሪያው ሥራ ብቻ ነው።

አሜሪካ በቅርቡ የገባ አንድ ሰው አፓርታማ ሊከራይ ለአከራዩ ኢሜይል ይጽፋል እንበል። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «አይ ኒድ ሜኒ ኢንፎርሜሽንስ» የሚል ነው። ጓደኛው አይቶ «ኤስ»ን ሰረዘለት። አሁን «ሜኒ ኢንፎርሜሽን» ሆነ። አሁንም ስሕተት ነው። «ሜኒ» ለሚቆጠሩት ብቻ ነው፤ ለማይቆጠሩት «መች» ነው። ግን እዚህ ላይ «መች» ቢያስገባም ንግግሩ ይገትራል። እንግሊዞች «መች»ን በብዛት የሚያመጡት በጥያቄና በአሉታ ነው። በአዎንታ ዐረፍተ ነገር ሲሆን «ሰም ኢንፎርሜሽን» ወይም «ኧ ሎት ኦፍ ኢንፎርሜሽን» ይላሉ። እነዚህ ሁለቱ ለሁለቱም ወገን ስለሚሆኑ የተጠራጠረ ሰው ይጠለልባቸው። ትንሽ ለማለትም እንዲሁ ልዩነት አለ፤ «ፊው» ለሚቆጠሩት፣ «ሊትል» ለማይቆጠሩት ነው።

ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር «አር ዘ ፈርኒቸርስ ኒው?» ብሎ ይጠይቃል። ዕቃዎቹ አዲስ ናቸው ወይ ለማለት ነው። «ኤስ» ሲወጣ «አር ዘ ፈርኒቸር» ይቀራል፤ ግሱ አሁንም በብዙ ቁጥር ነው። የማይቆጠር ስም ሁልጊዜ የነጠላ ግስ ይወስዳል፤ አሥር ክፍል ሙሉ ዕቃ ቢሆንም። ስለዚህ «ኢዝ ዘ ፈርኒቸር ኒው?» ይሆናል። «ዚዝ» እና «ዞዝ»ም ይወጣሉ፤ በምትካቸው «ዚስ» እና «ዛት» ይገባሉ።

ሦስተኛው «ፕሊዝ ጊቭ ሚ አን አድቫይስ» ነው። እዚህ «ኤስ» ስለሌለ ጓደኛው አልፎት ይሆናል። ግን «አን» አሃድ አለው ብሎ ያውጃል፤ «አድቫይስ» ደግሞ አሃድ የለውም። ይህ ስሕተት ከ«ኤስ» ይልቅ ይደበቃል፤ ለዚህም ነው ጥሩ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው እጅ ላይ ሳይቀር የሚገኘው። «ሰም አድቫይስ» ይበቃል።

የመጨረሻው ደግሞ በጣም ረቂቁ ነው። ሰውዬው የራሱን ዕቃ እንደማያመጣ ይነግረዋል። «አይ ዊል ኖት ብሪንግ ማይ ፈርኒቸር» ብሎ በትክክል ይጀምራል፤ ከዚያ «ቢኮዝ ዜይ አር ኦልድ» ይላል። ስሙ ትክክል ነበር። ተውላጠ ስሙ ላይ ሲደርስ ግን አእምሮው ሶፋውን፣ አልጋውንና ወንበሮቹን አየ፤ «እነሱ» አለ። እንግሊዝኛ ግን ተውላጠ ስሙን ከቃሉ ጋር ያስማማል፤ ስለዚህ «ኢት ኢዝ ኦልድ» ነው የሚለው። ጽሑፉን መልሶ የሚያነብ ሰው ከስሙ በኋላ ያሉትን አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ቢፈትሽ ይህን ያገኘዋል።

መቁጠር የግድ ሲሆንስ? ያኔ አሃዱን ከውጭ እናመጣለታለን። በአማርኛም «ሁለት ራስ ሽንኩርት»፣ «አንድ ዘለላ ወይን»፣ «ሦስት ኩባያ ውሃ» እንላለን። እንግሊዝኛ ለሦስቱም ቃሎቻችን «ፒስ» የምትለውን ቃል ያውሳል። «ኧ ፒስ ኦፍ አድቫይስ» አንድ ምክር ነው። ሁለት ሲሆን «ኤስ»ን የሚሸከመው «ፒስ» ነው፤ «አድቫይስ» እንደነበረው ይቀመጣል። ስሕተት የሚሆነው ሁለቱም ላይ «ኤስ» ሲለጠፍ ነው። ነገር ግን «ፒስ»ን በየዐረፍተ ነገሩ ማስገባት ጽሑፉን ያደነዝዘዋል። ቁጥሩ ካላስፈለገ «ሰም» ይበቃል፤ ቁጥሩ ካስፈለገ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ቲፕ»፣ «ፋክት» ወይም ራሱ «ቼር» ይሻላል።

ሁለት ወጥመዶችን ቶሎ ላንሣና ልለፍ። «ኒውስ» ጫፉ ላይ የብዙ ቁጥር «ኤስ» ያለው ይመስላል፤ ግን የማይቆጠር ነው። «ዘ ኒውስ ኢዝ ጉድ» ይባላል፤ «ኧ ኒውስ» ግን አይባልም። ሁለተኛው፣ ምክር የሚለው ስም መጨረሻው ላይ የ«ስ» ድምፅ አለው፤ መከረ የሚለው ግስ ደግሞ የ«ዝ» ድምፅ አለው፤ በጽሑፍም አንዲት ፊደል ይለያያሉ። ግሱ ከ«ሂ» ወይም ከ«ሺ» በኋላ «ኤስ» ይጨመርበታል፤ ትክክልም ነው። ያ ግን የግስ «ኤስ» እንጂ የብዙ ቁጥር አይደለም። አንዳንድ ሰው ጋዜጣ ላይ ያንን አይቶ «ይኸው፣ ኤስ አለው» የሚለው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ የማይቆጠር የተባለው ስም ተቆጥሮ የሚገኝበትን እንይ፤ ምክንያቱም አንባቢ አንድ ቀን ያጋጥመዋል። ቡና አይቆጠርም። ካፌ ገብተን ግን «ቱ ኮፊስ» ብንል አስተናጋጁ ሁለት ሲኒ ያመጣል፤ አሃዱ ሲኒው መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ቡና ላኪዎችም በእንግሊዝኛ ሲጽፉ የይርጋጨፌን፣ የሲዳማንና የሐረርን ቡና አንድ ላይ «ኢትዮጵያን ኮፊስ» ይሉታል፤ የተቆጠረው ዓይነቱ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። «ፈርኒቸር» ይህ መንገድ የለውም። በሲኒ አይቀዳም፤ ዓይነቱን ለመቁጠርም «ቼር»፣ «ቴብል»፣ «ቤድ» የሚሉ ቃላት ቀድመው ቦታውን ይዘውታል።

«አድቫይስ» እና «ኢንፎርሜሽን» ግን በሙያ ቋንቋ ውስጥ አሃድ ያገኙበት ቦታ አለ። ባንክ ሒሳብ ገቢ ወይም ወጪ ሲያደርግ የሚሰጠው ማስታወቂያ ወረቀት «ክሬዲት አድቫይስ» ወይም «ዴቢት አድቫይስ» ይባላል። ይህ ምክር አይደለም፤ ወረቀት ነው። ወረቀት ድንበር ስላለው «አድቫይስስ» ቢባል ትክክል ነው። በአሜሪካ ፍርድ ቤት ደግሞ «አን ኢንፎርሜሽን» ማለት ዐቃቤ ሕግ ግራንድ ጁሪ በሚባለው ክስ መርማሪ የዜጎች ጉባኤ በኩል ሳያልፍ በራሱ ፈርሞ የሚያቀርበው የወንጀል ክስ ነው። ይቆጠራል፤ ሁለት ሲሆን «ኤስ» ይጨመርበታል። እዚያ አገር ለአማርኛ ተናጋሪ የሚያስተረጉም ሰው ከፊቱ «አን» የገባበትን ሲሰማ «መረጃ» ብሎ ቢያልፈው ተከሳሹ ክስ እንደቀረበበት ላይገባው ይችላል። ያቺ ትንሽ «አን» ናት ልዩነቱን የምትናገረው።

ወገን የሚለውጡ ቃላትም አሉ። «ዳታ» በመነሻው የላቲን ብዙ ቁጥር ነው። ዛሬ በተራው እንግሊዝኛ እንደ «ኢንፎርሜሽን» በነጠላ ግስ ይሄዳል፤ በብዙ ቁጥር የሚጽፉት በአብዛኛው የሳይንስ ጽሑፍ አዘጋጆች ናቸው። ተቃራኒውን የሄደው «ኢሜይል» ነው። አባቱ «ሜይል» አይቆጠርም፤ የደብዳቤ ጥቅል ነው። «ኢሜይል»ም መጀመሪያ አካባቢ እንደዚያው ይነገር ነበር። በኋላ ስክሪኑ ላይ እያንዳንዱ መልእክት ለብቻው፣ ርዕስና ላኪ ይዞ ሲሰለፍ ሰው «አን ኢሜይል»፣ «ቴን ኢሜይልስ» ማለት ጀመረ። ዛሬ ይህን የሚያርም የለም።

ሦስቱ ቃሎቻችን ግን ገና አልተሻገሩም። በናይጄሪያ፣ በጋናና በሕንድ በሚነገረው እንግሊዝኛ «ፈርኒቸርስ» እና «ኢኩዊፕመንትስ» በየዕለቱ ይሰማሉ፤ እዚያ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። የአይኤልቲኤስ ወይም የቶፍል ፈተና የሚያርም ሰው ፊት፣ ወይም ሎንዶን ላለ ቀጣሪ በተላከ ማመልከቻ ላይ ግን ዛሬም እንደ ስሕተት ይቆጠራሉ።